ስልኩ ያልጮኸበት ረፋድ

ቤት ውስጥ በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ በሽተኛ ካለ፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው ጸጥታ ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ስለሚውል ጆሮ ይለምደዋል። ድንገት ሲቆም ቤት ያለው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ይህን የነገሩኝ ብዙ አስታማሚዎች ናቸው። አንዷ ግን ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር፤ ምክንያቱም መስማት የተሳናቸው ናቸው። እሳቸው የመብራቱን መጥፋት የሚያውቁት ማሽኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ስትጠፋ፣ ወይም እጃቸውን አስደግፈውበት ሳሉ መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው።

የምሠራው የኦክስጅን ማሽን በሚያውስ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ነው። ሳንባቸው ታሞ ከሆስፒታል ወደ ቤት ለተመለሱ ሰዎች ማሽን እናውሳለን፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ትንሽ ሲሊንደርም አብረን እንሰጣለን። ቢሯችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ከአንዱ ሕንፃ ሥር ካሉት ሱቆች መካከል ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሠራተኞቹ ሁለት ነን። እኔ የጽሕፈቱን ሥራ እሠራለሁ። አንድ ቴክኒሻን ደግሞ ማሽን ይጠግናል፣ ሲሊንደር በሞተር ሳይክል ያመላልሳል። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ዓመታት የቆየሁት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ወረቀት ከጠፋ ሰው እንደሚጠፋ ያውቃል። ጭንቀቴን ያመጣሁት ከዚያ ነው መሰለኝ።

እኚያ ሴት ከቢሯችን አራት ሕንፃ ብቻ አልፎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ስድሳውን ተሻግረዋል። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የቀለም ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሕንፃ ሲቀቡ ኖረው ሳንባቸው ያለ ማሽን አልሠራ ብሏል። ባልየው ይናገራሉ፣ ግን ሦስት ቃል ሲናገሩ ለአራተኛው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ስልክ ደውሎ «ድረሱልን» የሚል ሰው በዚያ ቤት የለም። አንደኛዋ አይሰሙም፣ አንደኛው መናገር አይሆንላቸውም።

መጀመሪያ ላይ በቴክስት ነበር የምንገናኘው። ሴትዮዋ ወደ ቢሮው ስልክ ይጽፋሉ፣ እኔ አያለሁ። አንድ ቀን ክረምት ላይ የላኩት መልእክት ከሎተሪና ከጥቅል ማስታወቂያ መሐል ተቀብሮ አርባ ደቂቃ ቆየ። ያኔ ሲሊንደራቸው ሙሉ ስለነበር ምንም አልሆነም። ቴክኒሻኑን ተከትዬ ይቅርታ ለመጠየቅ ስሄድ፣ ሴትዮዋ ሁልጊዜ አጠገባቸው የሚያስቀምጡትን ደብተር አነሡና እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦

«መጮህ የማይችል ሰው ምን ያድርግ?»

ደብተሩን ተቀብዬ «መፍትሔ እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው።

ኮድ መጻፍ አልችልም። በልጅነቴም እንዲህ ያለ ነገር እየነካካሁ አላደግኩም። ግን ማኅበራችን የኦንላይን ፎርም ነበረው፤ አስታማሚዎች ቱቦ እንዲቀየርላቸው፣ ማሽን ለመመለስ ወይም ብልሽት ለማሳወቅ ይሞሉታል። ሊንኩ በየማሽኑ ጎን ተለጥፏል። ችግሩ፣ የተሞላው ሁሉ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ዝም ማለቱ ነው። እኔ ከፍቼ ካላየሁት ማንም አያየውም። የፎርሙን ማስተካከያ ስጎረጉር «ዌብሁክ» የሚል ቃል አገኘሁና ቪዲዮ ፈልጌ ማየት ጀመርኩ። ለሦስት ቀን የምሳ ሰዓቴን በእሱ ጨረስኩ።

ቴክኒሻኑ ምሳውን ይዞ ገብቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«እስካሁን እኛ ነን ወደ ፎርሙ እየሄድን ‹የመጣ አለ ወይ?› የምንለው» አልኩት። «በዚህ ግን ፎርሙ ራሱ ነው የሚነግረን። ሰው ‹ላክ› የሚለውን እንደተጫነ፣ መልሱን ወዲያው እኔ ወደምሰጠው አድራሻ ይወረውረዋል።»

«የማን አድራሻ?»

«የአገናኙ።»

አገናኝ ያልኩት እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ ኮድ የሚሠራ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። በአንድ በኩል ይቀበላል፣ በሌላ በኩል ያስተላልፋል። ገብቼ አዲስ ዌብሁክ ፍጠር ስለው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም አድራሻ ሰጠኝ። ያንን ገልብጬ ፎርሙ ማስተካከያ ውስጥ በተዘጋጀው ቦታ ለጠፍኩት። አገናኙ «መረጃ እየጠበቅኩ ነው» የሚል ጽሑፍ አወጣ። በሌላ መስኮት ፎርሙን ከፍቼ እንደ አስታማሚ ሞላሁትና ላክሁ። ሁለት ሰከንድም አልቆየ፤ የጻፍኩት ሁሉ፣ የማሽን ቁጥሩ፣ የሕንፃው ቁጥር፣ የተመረጠው ችግር፣ አገናኙ ላይ በየስሙ ተዘርዝሮ መጣ።

አገናኙ እያንዳንዱን እርምጃ በሣጥን ያሳያል፤ ከመጀመሪያው ቀጥዬ ሁለተኛውን ሣጥን ጨመርኩ። ይኼኛው ስልክ ላይ ወደሚጫን የማንቂያ አፕ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ምን እንደሚል የምወስነው እኔ ነኝ፤ «ማሽን ቁጥር» ካልኩ በኋላ ከፎርሙ የመጣውን ቁጥር አስገባሁበት፣ «ቤት» ካልኩ በኋላ የቤቱን። አፑን በእኔና በቴክኒሻኑ ስልክ ጫንን። ስልኩ ድምፁ ቢዘጋም እንኳ የእሱ ማንቂያ አልፎ እንዲጮህ ፈቀድንለት።

ፎርሙን ለሙከራ እንደገና ሞልቼ ላክሁ። የእኔ ስልክ ጮኸ። ድምፁ ጎረቤት ያለችውን ፀጉር ሠሪ ከሱቋ አስወጣት። የእሱ ግን ጭጭ አለ።

«የእኔ ስልክ አልወደደሽም» አለኝ።

ግማሽ ሰዓት ፈለግን። ችግሩ ባትሪ መቆጠቢያው ነበር፤ ሥራ የፈታ የመሰለውን አፕ ስልኩ ራሱ ያስተኛዋል። አፑን ከቁጠባው ውጪ ስናደርገው ጮኸ። ያን ጊዜ እፎይ ከማለት ይልቅ ፈራሁ። ምክንያቱም እሱ አጠገቤ ባይቆም ኖሮ፣ የእኔ ስልክ ስለጮኸ ብቻ ሁሉም ደህና ነው ብዬ እሄድ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ። ለቱቦ ቅያሪም ለማሽን መመለስም በጮኸ ቁጥር ቴክኒሻኑ መንገድ ላይ ሞተሩን እያቆመ ስልኩን ሊያይ ነው። አንድ ሁለት ቀን እንዲህ ከሆነ ድምፁን እንደሚንቀው ሁለታችንም አውቀናል። ስለዚህ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ማጣሪያ አስገባሁ። ማጣሪያው የሚለው ይህን ነው፤ «የችግሩ ዓይነት ከዚህ ጽሑፍ ጋር እኩል ከሆነ አሳልፍ፣ ካልሆነ አቁም።» ጽሑፉን ከፎርሙ አማራጮች ገልብጬ ለጠፍኩት፦ «ሃይል ጠፍቷል፣ ሲሊንደር ላኩልን»። ሞከርኩት። ቱቦ ሲባል ዝም፣ ሃይል ጠፍቷል ሲባል ጩኸት።

በነጋታው ከቴክኒሻኑ ጋር አራተኛ ፎቅ ወጣን። ሴትዮዋ በስልካቸው ፎርሙን ከፍተው ሞሉና ላኩ። የሁለታችንም ስልክ ጠረጴዛው ላይ መጮህና መንዘር ጀመረ። ባልየው ደንግጠው ጆሯቸውን ያዙ። ሴትዮዋ ስክሪኑ ሲበራ አዩ፣ እጃቸውን ስልኩ ላይ አሳርፈው ንዝረቱን ሲያዳምጡ ቆዩ፣ ከዚያ እየሳቁ ባላቸውን አዩ። ደብተሩን ወስጄ በትልልቁ ጻፍኩላቸው፦

«ከእንግዲህ ቴክስት አይላኩ። ቴክስት ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ፎርሙን ብቻ ይላኩ። የትም ብንሆን ይጮኻል።»

ያንን ወረቀት ቀደው ማሽኑ ላይ ለጠፉት።

ሁለት ወር ሠራ። መብራት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ጠፍቷል፣ ሁልጊዜም ጮኋል። እኔም ቀስ በቀስ ስልኬን በየአምስት ደቂቃው ማየት ተውኩ።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። እርዳታ ሊሰጡ ያሰቡ ሰዎች ሥራችንን ሊያዩ ስለሆነ፣ ፎርሙን አትሜ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱት። ነጠላ ሰረዞቹን አስተካክለዋል፣ አንድ ቦታ «ይሞሉ» የሚለውን «ይሙሉ» ብለውታል፤ «ሃይል» የሚለው ላይ ግን ክብ አድርገውበት ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ኃይል በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው» አሉኝ። «በሃሌታው አይደለም። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ነው፣ እንዲህ ሆኖ አይሄድም።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ። አሁኑኑ አርመዋለሁ።»

አረምኩት። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልወሰደብኝም። ፎርሙ ላይ አማራጩ «ኃይል ጠፍቷል፣ ሲሊንደር ላኩልን» ሆነ። ሳነበው ደስ አለኝ፤ እውነትም ያምራል። ማጣሪያው ትዝ አላለኝም። አንድ ቃል፣ በአፍ ሲነገር አንድ ድምፅ፤ ምን የተለወጠ ነገር አለ ብዬ ላስብ?

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን ከጋሼ ጋር ሜክሲኮ አንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ገባን። ቴክኒሻኑ ጌጃ ሰፈር የአንዲት እናት ማሽን ሊጠግን ሄዷል። ቢሮው ተቆልፏል። በሩ ላይ እንደ ሁልጊዜው «ለጊዜው ከቢሮ ወጥተናል» የሚል ጽሑፍ ከእነ ስልክ ቁጥሬ ትቼ ነበር። ስብሰባው ላይ ስልኬን ድምፁን ዘግቼ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። አልተጨነቅኩም። ማንቂያው ዝምታውን ሰብሮ እንደሚጮህ አውቃለሁ።

አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ የማላውቀው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብልጭ አለ። እንግዶቹ እያወሩ ነበርና አላነሣሁም። ደግሞ ደወለ። አላነሣሁም። ጋሼ በዓይናቸው ገረፍ አደረጉኝ። ሦስተኛ ሲደውል ይቅርታ ጠይቄ ኮሪደር ወጣሁ።

«የኦክስጅኖቹ ናችሁ?» አለች አንዲት ሴት፤ ታለከልካለች። «እኔ የእነሱ ጎረቤት ነኝ፣ የአራተኛ ፎቆቹ። ቢሯችሁ ተዘግቷል፣ በሩ ላይ ካለው ቁጥር ነው የደወልኩት። ሴትዮዋ በሬን እየደበደቡ ወረቀት ሰጡኝ። ‹ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው፣ ልኬ ልኬ ማንም አልመጣም› ይላል። መብራት ከጠፋ ቆይቷል እኮ!»

«ልኬ ልኬ ማንም አልመጣም?» አልኳት።

«እንዲህ ነው የሚለው። ኧረ እባክሽ ፍጠኑ!»

ለቴክኒሻኑ ደወልኩ። ወዲያው አነሣ።

«ስልክህ ጮኋል?»

«አልጮኸም። ምነው?»

«የእኔም አልጮኸም። አራተኛ ፎቅ ሲሊንደር እያለቀ ነው። የቢሮ ቁልፍ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ» ሲለኝ ሞተሩን ሲያስነሣ ሰማሁ። ስልኩን አልዘጋውም፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው መሰለኝ፤ ንፋስና ጥሩንባ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ወደ ስብሰባው ክፍል ተመልሼ ቦርሳዬን እንኳ አላነሣሁም። ሜክሲኮ በዚያ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ አለ፣ ባቡሩም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በእግሬ ወደ ልደታ መሮጥ ጀመርኩ። ትንሽ ሮጬ እራመዳለሁ፣ ትንሽ ተራምጄ እሮጣለሁ፤ እየተራመድኩ ደግሞ ስልኬን ከፈትኩ። መጀመሪያ ያየሁት ሠንጠረዡን ነው። አራት መስመር አለ። አራቱም የአንድ ማሽን ቁጥር፣ አራቱም የአንድ ቤት። የመጀመሪያው የተላከው ሦስት ሰዓት ከሃያ አካባቢ ነው። ከዚያ ከሩብ ሰዓት በኋላ። ከዚያ ከአሥር ደቂቃ በኋላ። የመጨረሻው ከሦስተኛው በአንድ ደቂቃ ልዩነት፤ ደጋግመው በጣታቸው ሲጫኑት ታየኝ።

ፎርሙ ደርሷል ማለት ነው። እንግዲያው የት ቀረ?

አገናኙን ከፈትኩ። የሠራውን ሥራ ታሪክ ይጽፋል፤ የተበላሸ ካለ በቀይ ያሳያል። ቀይ የለም። አራቱም አረንጓዴ። አንዳች ስህተት የለም ይላል። አንድ ሰው እንዳይጋጨኝ ግንብ ተጠግቼ ቆምኩና የመጀመሪያውን ነካሁት። ዌብሁኩ ተቀብሏል። ማጣሪያው ጋ ሲደርስ ቆሟል። ማንቂያው ሣጥን ጭራሽ አልተነካም። ለአገናኙ ይህ ብልሽት አይደለም፤ አቁም ብዬው አቁሟል፣ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። የመጣውን ጽሑፍና እኔ የሰጠሁትን ጽሑፍ አነጻጸርኩ።

ኃይል። ሃይል።

ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፤ ለእሱ ሃ እና ኃ እንደ መ እና ረ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ይህንን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ካርድ ክፍል እያለሁ «ኃይሌ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሃይሌ» ብዬ ፈልጌ አጥቼው አውቃለሁ። አውቄ ረሳሁት። እንደገና መሮጥ ስጀምር በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቴክስት አይላኩ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። የቴክኒሻኑ ሞተር ከሥር ቆሟል። በሩ ክፍት ነው። ጎረቤቲቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ባልየው አልጋው ጫፍ ላይ ወደ ፊት አጎንብሰው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው የሰው ከንፈር አይመስልም፣ ጠቁሯል። ቴክኒሻኑ ተንበርክኮ አዲሱን ሲሊንደር ከፍቶ ጨርሷል፤ መለኪያውን እያየ «ቀስ ብለው፣ በአፍንጫ፣ በአፍንጫ» ይላል። የድሮው ሲሊንደር መሬት ተጋድሟል። የመለኪያው መርፌ ከቀዩም አልፎ መጨረሻው ላይ ነበር።

«ስደርስ ሲሊንደሩ ገና ትንሽ ይተነፍስ ነበር» አለኝ ወደ እኔ ሳይዞር። «ትንሽ ነው ግን።»

ቆመን ጠበቅን። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። የባልየው ትከሻ መጀመሪያ በየትንፋሹ እስከ ጆሯቸው ይወጣ ነበር፣ ቀስ እያለ ወረደ። ከንፈራቸው ቀለም ሲመለስበት ሴትዮዋ አልጋው ላይ ተቀመጡ። እኔን አላዩኝም። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ስክሪኑን ወደ ፊቴ አዞሩት። ፎርሙን የላከ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያየው ገጽ ነው፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት።

«መልስዎ በትክክል ደርሶናል። እናመሰግናለን።»

እንባዬ መጣ። እንባ ግን ምን ያደርግላቸዋል? ደብተሩን ለምኜ ወሰድኩና የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። ፎርሙ መድረሱን፣ ማጣሪያ የሚባል ነገር እንዳለ፣ አንድ ፊደል ቀይሬ ሌላኛው ቦታ መቀየሬን እንደረሳሁ፣ ሁለቱ ሀዎች ለእኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ልብ እንዳላልኩት። ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ ጻፍኩ። ሴትዮዋ ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብለው ብዙ ጻፉ።

«ለእኔ ሁለቱም ድምፅ የላቸውም» ይላል የጻፉት። «ፊደልን የማውቀው በመልኩ ነው። ለእኔ ሃ እና ኃ ተመሳስለው አያውቁም። ዛሬ ስሞላ መቀየሩን አይቻለሁ። ያረማችሁት ስለመሰለኝ ዝም አልኩ። ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁላችንም፣ ከጋሼም ከእኔም ይልቅ ነገሩን እንደ ኮምፒውተሩ የሚያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፎርሙን የሠራሁት ለእሳቸው ነው፤ ስቀይረው ግን እሳቸውን አላማከርኩም።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ከቤታቸው አልወጣሁም። ሌላ ወረቀት ወስደን እንዴት ይሁን እያልን መጻጻፍ ጀመርን። ማጣሪያውን አርሜ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። ሴትዮዋ ግን በእስክሪብቶ ጫፍ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው «አንሡት» ብለው ጻፉ። ከሥሩም፦ «መድረሱን እኔ በምን አውቃለሁ? እናመሰግናለን የሚለው ይዋሻል።»

እውነታቸውን ነው። የምስጋናው ገጽ የሚያውቀው ፎርሙ መሞላቱን ብቻ ነው፤ ሰው ማየቱን አያውቅም።

በዚያው ሳምንት እንደ አዲስ ሠራሁት። ለድንገተኛ ብቻ የሚሆን ለብቻው ሌላ ፎርም አወጣሁ፤ የማሽን ቁጥር ይሞላበታል፣ ይላካል፣ በቃ። የራሱ ዌብሁክ አለው፣ መካከል ላይ የሚያስቆም ምንም ማጣሪያ የለም፤ የደረሰ ሁሉ ይጮኻል። አፑን በሴትዮዋም ስልክ ጫንን፤ ማንቂያው ላይ ደግሞ «እየመጣሁ ነው» የሚል ቁልፍ አደረግን። ቁልፉ ራሱ የሌላ ዌብሁክ አድራሻ ነው፤ ቴክኒሻኑ ሲጫነው አገናኙ ወደ ሴትዮዋ ስልክ መልሶ ማንቂያ ይልካል፣ ስልካቸውም ይነዝራል። የሚያምኑት ያንን ንዝረት ብቻ ነው፣ የተጻፈ ምስጋና አይደለም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልነዘረ ጎረቤቲቱን ይጠራሉ፣ እሷ ትደውላለች። የቴክኒሻኑን ቁጥር በሯ ላይ ለጥፋለች።

ማሽኑ ላይ የነበረውን የእኔን ወረቀት ልቀደው እጄን ስዘረጋ ሴትዮዋ ቀደሙኝ። ቀደዱትና «ቴክስትም ይላኩ» ብዬ አዲስ እንድጽፍላቸው ባዶ ወረቀት ሰጡኝ።

ጋሼን ለመንገር ቤታቸው ሄድኩ። ነግሬያቸው ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ያረሙት ልክ ነው። ያልሞከርኩት እኔ ነኝ።»

«ከታረመ በኋላ ይሞከራል ማለት ነው?»

«አንድ ነጠላ ሰረዝም ቢሆን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተማሪ ስንት ዘመን ‹ሀ ሁሉ ያው አይደለም ወይ› እያለ ሲከራከረኝ ነበር» አሉና ወዲያው ያሉትን ጠሉት መሰለኝ፣ «ሰውየው ደህና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ደህና ናቸው አልኳቸው። በሳምንቱ ራሳቸው ደረጃውን ሦስት ጊዜ እያረፉ ወጥተው ጠየቋቸው።

ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ ጠፍቷል። ማንቂያው ጮኋል፣ ቴክኒሻኑ ቁልፉን ተጭኗል፣ የሴትዮዋ ስልክ ነዝሯል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ መብራት ይኑርም አይኑርም ሴትዮዋ ለሙከራ ይልካሉ። እኔ ግን እንደ ድሮው አይደለሁም። ሲጮህ እደነግጣለሁ፣ ዝም ሲል ይብሳል። ሰኞ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሥራ አይያዝልኝም።

አንድ ሰኞ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አልጮኸም። ሦስት ከአምስት። ሦስት ከአሥር። አገናኙን ከፈትኩ፣ ምንም የመጣ ነገር የለም። ሠንጠረዡን ከፈትኩ፣ ባዶ። ሲሊንደር በትከሻዬ ለመሸከም ሞከርኩና ስለከበደኝ ትቼው ሮጥኩ። አራተኛ ፎቅ ደርሼ በሩን ገፋ ሳደርግ ማሽኑ እያጉረመረመ ነው። ባልየው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ወደ ግቢው ያያሉ። ሴትዮዋ የሉም።

«የት ሄዱ? ለምን አልላኩም?» አልኳቸው ግድግዳ ተደግፌ።

ሦስት ቃል ተናገሩ፣ ትንፋሽ ሰበሰቡ፣ ቀጠሉ።

«ቲማቲም ልትገዛ ወረደች። ረስታው ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ከእኔ ይልቅ… ትንፋሽ ያጠረው አንቺን ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ሴትዮዋ ፌስታል አንጠልጥለው ገቡ፣ አዩኝ፣ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ፌስታሉን ሳያስቀምጡ ስልካቸውን አውጥተው ላኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ባልየው ጆሯቸውን ይዘው በዚያች በአጠረች ትንፋሻቸው ሳቁ፤ እኔ ግን እስኪያበቃ ድረስ አላጠፋሁትም።